እንቅልፍ ሲመጣና እንቅልፍ ሲያልፍ

የአሥር ሳምንት ሕፃን ቡና በተፈላበት ቤት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ነው እንበል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅታ ጠብታለች። ዘጠኝ ተኩል ላይ የአክስቷን ፊት ትክ ብላ እያየች ፈገግ ትላለች። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ግን ፊቷን ከአክስቷ ታዞርና መጋረጃው ላይ ትፈዛለች። ድምፅ አታሰማም፣ መወራጨቷንም ትተዋለች፤ ቅንድቧ አካባቢ ቀላ ይላል። እንግዶቹ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እያሉ ያደንቋታል። አሥር ተኩል ላይ ያቺው ጨዋ ልጅ ጀርባዋን ወደ ኋላ እየለጠጠች፣ የተሰጣትን ጡት እየገፋች ትጮኻለች። አያት «ቁርጠት ነው» ይላሉ፤ አክስት «ኧረ ርቧት ነው» ትላለች።

ልጅቷ እንቅልፍ እንደመጣባት የተናገረችው ግን ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ዝም ባለችበት ሰዓት ነበር።

አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የአራስ ሕፃናት መመዘኛ የሕፃንን ሁኔታ በስድስት ይከፍሉታል፦ ከባድ እንቅልፍ፣ ቀላል እንቅልፍ፣ ማንጎላጀት፣ ረጋ ያለ ንቃት፣ እንቅስቃሴ የበዛበት ንቃትና ለቅሶ። ከረጋ ንቃት ወደ ማንጎላጀት የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ለቅሶ ላይ የደረሰ ሕፃን ግን እንቅልፍ ከመውሰዱ በፊት አስቀድሞ መረጋጋት አለበት፤ ያንን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገና ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። እንቅልፍ ያለፈው ልጅ ደክሞት ሳለ አልተኛም የሚለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ሁሉም ወደ መቀነስ ያደላሉ። ዓይን ይፈዛል፤ ሕፃኑ ፊትና መጫወቻ ማየት ይሰለቸዋል፤ እጅና እግሩ ይዝላሉ። ማዛጋት ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ይከተላል። ዓይን ማሸት ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ቢሆንም በአራስነት ብዙም አይታይም፤ እጁን በፈለገው ቦታ ማሳረፍ የሚጀምረው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነውና።

እንቅልፍ ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም ይጨምራል። ቡጢ ይጨበጣል፣ እንቅስቃሴው ድንገተኛና ዝብርቅርቅ ይላል፣ ለቅሶው ይሰላል። በአራትና በአምስት ወር ላይ ደግሞ የሚያታልል መልክ አለው፦ ልጁ ከወትሮው በላይ ይፈነጥዛል፣ ይንጫጫል። ቤተሰቡም «እንቅልፉ ለቆታል» ብሎ ጨዋታውን ይቀጥላል፤ ሳቁ ወደ ጩኸት የሚለወጠው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ከረሃብ ጋር የሚምታታውም እዚህ ላይ ነው። የራበው ሕፃን ራሱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ጡት ይፈልጋል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ ጡት ሲያገኝ ይዞ ይጠባል። እንቅልፍ ያለፈው ጥቂት ስቦ ይለቃል፣ ያለቅሳል፣ መልሶ ይይዛል። ጥርጣሬ ካለ ጡት ማቅረብ ጉዳት የለውም፤ መልሱን ራሱ ይሰጣል።

ምልክቱ ግልጽ ካልሆነ ሰዓት ያግዛል። በመጀመሪያው ወር ሕፃን የሚጠባበትን ጊዜ ጨምሮ ነቅቶ የሚቆየው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በሁለትና በሦስት ወር ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በአራትና በአምስት ወር ደግሞ እስከ ሁለት ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ከልጅ ልጅ ይለያያል። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ የፈዘዘችው ልጅ ከነቃች 45 ደቂቃ ስለሆናት ጸጥ ወዳለ ክፍል መውሰጃዋ ደርሷል፤ ስትጮህ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሞልቷታል።

ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ከጫጫታው ማውጣት፣ ክፍሉን ማጨለም፣ ደረት ላይ አስጠግቶ በዝግታ እሹሩሩ ማለት ይረዳል። አንዱን ዘዴ ለጥቂት ደቂቃ ሳይሞክሩ ወደ ሌላው መዝለል ልጁን ይበልጥ ያነቃዋል። ሲተኛ ትራስና ብርድ ልብስ በሌለበት ደልዳላ ፍራሽ ላይ በጀርባው ይሁን።

የስድስተኛው ሳምንት አካባቢ የምሽት ለቅሶ በብዙ ሕፃናት ላይ የሚበረታበት ጊዜ በመሆኑ፣ ምልክቱን በሚገባ የሚከታተሉ ወላጆችም ከማልቀስ ላያድኑት ይችላሉ። ፍዘት ሁሉም እንቅልፍ አይደለም። ለመቀስቀስ የሚያስቸግር፣ መጥባት የተወ ወይም ሰውነቱ የዛለ ሕፃን፣ እንዲሁም ከሦስት ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የደረሰ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።