ተረትና እውነታ፦ በደም ምርመራ ወረቀት ላይ «ኤል» ስትታይ

ተረት፦ ከቁጥሩ አጠገብ «ኤች» ወይም «ኤል» የሚል ፊደል ካለ ሰውየው በሽታ አለበት።

ይህ እምነት ብዙ ሰው እንቅልፍ ያሳጣል። መደበኛ መጠን የሚባለው ከየት እንደሚመጣ ላወቀ ግን ነገሩ ይቀላል። ጤነኛ የሆኑ ሰዎች፣ ዘወትር ቢያንስ 120፣ ደም ይሰጣሉ። ውጤታቸው ከትንሹ እስከ ትልቁ ይደረደራል፤ ከታች 2.5 በመቶው፣ ከላይም 2.5 በመቶው ይቆረጥና የቀረው 95 በመቶ «መደበኛ» ተብሎ ይታተማል። እንግዲህ ከ20 ጤነኞች አንዱ ገና ከመነሻው ከወሰኑ ውጪ ቀርቷል ማለት ነው። ምንም ሕመም የሌለበት ሰው እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ምርመራዎች ቢያደርግ፣ ቢያንስ አንዱ ላይ ምልክት የማግኘት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። ፊደሏንም የሚያወጣት ማሽኑ ነው፤ ቁጥሩን ከወሰኑ ጋር ያስተያያል እንጂ ታማሚውን አያውቅም።

የጾም ስኳርና ኮሌስትሮል ግን ከዚህ ስሌት ይለያሉ። የእነሱ ወሰን የተቀመጠው ከየትኛው መጠን በላይ ጉዳት እንደሚመጣ ተጠንቶ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የሚታይ ምልክት የበለጠ ክብደት አለው።

ተረት፦ መደበኛው መጠን ለሰው ሁሉ አንድ ነው።

እንበል አንዲት የ30 ዓመት ኢትዮጵያዊት ለሥራ ቅጥር ሲቢሲ ታዘዘላት። ነጭ የደም ሕዋሷ 3,400 ሆነና «ኤል» ተጻፈበት። ኒውትሮፊል 38 በመቶ፣ ይህም «ኤል»፤ ሊምፎሳይት 52 በመቶ፣ እሱ ደግሞ «ኤች»። ሦስት ምልክት በአንድ ወረቀት ላይ ሲያዩ ቤተሰቦቿ ወዲያው የደም ካንሰርን ያስባሉ።

በመጀመሪያ የመቶኛውን ቁጥር ወደ ትክክለኛ ብዛት መመለስ ያስፈልጋል። ከ3,400 ውስጥ 52 በመቶው 1,768 ነው፤ ይህ ለአዋቂ ሰው የተለመደ የሊምፎሳይት ብዛት ነው። ከፍ ያለ የመሰለው ኒውትሮፊሉ ስላነሰ ድርሻው ስለሰፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ምልክቶች በእርግጥ ሊጤን የሚገባው አንዱ ነው፤ ኒውትሮፊሉ፣ ማለትም የ3,400 ሠላሳ ስምንት በመቶ፣ 1,292።

ብዙ ላብራቶሪዎች የኒውትሮፊልን የታች ወሰን ከ1,500 እስከ 2,000 ባለው መካከል ያደርጉታል። ይህ ወሰን በአብዛኛው የተወሰደው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሰዎች ነው። በአፍሪካና በከፊል በመካከለኛው ምሥራቅ ግን ብዙ ሰው በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ደፊ የተባለው ፕሮቲን የለውም። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ሕዋሱ ለመግባት በዚህ ፕሮቲን ስለሚጠቀም፣ ፕሮቲኑን ያጡ ሰዎች ከዚህ ወባ የተሻለ መከላከያ ነበራቸው። ፕሮቲኑ የሌላቸው ሰዎች በደም ሥር የሚዘዋወረው ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ይላል፤ መቅኔያቸው ግን ጤነኛ ነው፤ ኢንፌክሽንም ከሌላው ሰው ይበልጥ አያጠቃቸውም። በእስራኤል ያሉ ሐኪሞችም ይህንኑ በቤተ እስራኤላውያን ላይ አይተዋል።

ጉዳዩ ከወረቀት አልፎ ሕክምና ይነካል። ክሎዛፒን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለመጀመር በአሜሪካ ኒውትሮፊል 2,000 እንዲሞላ ይጠየቅ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በተፈጥሮ ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ወሰኑን 1,000 አደረገው። ከዚያ በፊት ጤነኛ ደም ይዘው መድኃኒቱን የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ እጅግ የሚያስቆጭ ነው።

ታዲያ ምልክቱ ችላ ይባል? አይባልም። ሐኪሙ የሴትዮዋን የቀድሞ ውጤቶች ይጠይቃል፤ ከሌሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያስደግማል። ከዓመታት በፊትም 1,300 አካባቢ ከነበረና ሄሞግሎቢኗና ፕላትሌቷ ደህና ከሆኑ፣ ተፈጥሮዋ መሆኑ ያመዝናል። በቅርቡ ከ4,000 ወደ 1,292 ከወረደ፣ ሄሞግሎቢኑ ወይም ፕላትሌቱ አብሮ ካነሰ፣ ወይም ለእንቅርት የሚሰጥ እንደ ካርቢማዞል ያለ መድኃኒት እየወሰደች ከሆነ መንስኤው መፈለግ አለበት። ከ500 በታች ወርዶ ትኩሳት ከተጨመረበት ግን ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነገር ነው።

ተረት፦ ምንም ፊደል ከሌለ ምንም ችግር የለም።

የአንድ ሰው ደም የራሱ ልማድ አለው፤ ይህም ከታተመው ወሰን ይልቅ ጠባብ ነው። ክሬቲኒን ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ሲሆን ለወንድ የተለመደው ወሰን ከ0.7 እስከ 1.3 ነው። ባለፈው ሳምንት 0.7 የነበረው ሰው ዛሬ 1.2 ቢሆን ማሽኑ ምንም አይጽፍም፤ የኩላሊቱ ሥራ ግን በግልጽ ቀንሷል። የሁለቱን ቀን ውጤት አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሐኪም ተቅማጥ ወይም ትውከት እንደነበረበት፣ ለወገቡ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲውጥ እንደሰነበተ ይጠይቀዋል።