ሜሞሪ የሚበላው ፊደል

አንድ ቢሊዮን ፓራሜትር ያለውን ትንሽ የቋንቋ ሞዴል ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ላሠልጥን ብትሉ፣ በተለመደው ዘዴ ለእያንዳንዱ ፓራሜትር 16 ባይት ገደማ ያስፈልጋል። በጠቅላላው 16 ጊጋባይት ማለት ነው። የጂፒዩው ሜሞሪም 16 ጊጋባይት ከሆነ ጽሑፉ ገና ሳይገባ ሞላ። ኪው-ሎራ የሚባለው ዘዴ እዚህ ላይ ይደርሳል፤ ዋናው ሞዴል በ4 ቢት ተጨምቆ ግማሽ ጊጋባይት ያህል ብቻ ይይዛል፣ ሳይነካም ይቀመጣል። የሚሠለጥኑት በጎኑ የሚጨመሩ ጥቃቅን የቁጥር ሠንጠረዦች ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኮምፒውተር እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ይጽፈዋል። ሞዴሉ የጽሑፍ መከፋፈያው ሲሠራ አማርኛን እምብዛም ካላየ ቃሉን እስከ ባይት ድረስ ይበታትነዋል፤ «ሰላም» ብቻዋን 9 ቁራጭ ልትሆን ትችላለች። ቁራጩ ሲበዛ ሜሞሪው በሥልጠናው መሐል ያልቃል። ጽሑፉን በአጭሩ መቁረጥም ዋጋ አለው፤ የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ያለ ግሱ ይቀራል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ መቶ ዓረፍተ ነገር በሞዴሉ መከፋፈያ አሳልፉና የቁራጮቹን ብዛት ለቃላቱ ብዛት አካፍሉ። ለአንድ ቃል ሁለት ወይም ሦስት ከደረሰ ደህና ነው። ስምንትና ዘጠኝ ከወጣ ሌላ ሞዴል ፈልጉ፤ ኪው-ሎራ መከፋፈያውን አይለውጠውም።