ብርሃን በመስተዋት ክር ውስጥ የሚታሰርበት ሕግ

በካርቲየ 7 ቢስ የሚገኝ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ የሚልከው የዕቃ ሰነድ ዛሬ የሚጓዘው ከጠጕር እምብዛም በማይወፍር የመስተዋት ክር ውስጥ፣ በብርሃን አማካይነት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ አፍሪቃ የባሕር ገመድም፣ በ2021 ዓ.ም. ጅቡቲን ከሞምባሳ ጋራ ያገናኘው ገመድም በዚሁ ዓይነት ክር የተሠሩ ናቸው። ታዲያ በቀጥታ መጓዝ ልማዱ የሆነው ብርሃን ክሩ በታጠፈ ቍጥር ለምን አይወጣም?

ብርሃን በአየር ውስጥ በሰኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ በመስተዋት ውስጥ ግን ወደ 204,000 ይቀንሳል። ፍጥነቱ በሁለት አካላት ድንበር ላይ በመለወጡ መንገዱም ይሰበራል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ጠልቆ ወደ ላይ የሚመለከት ዋናተኛ ይህን ያያል። በቀጥታ ሽቅብ ሲመለከት ሰማዩ ይታየዋል፤ ከቋሚው መሥመር 49 ዲግሪ ገደማ አልፎ በአግድም ሲመለከት ግን የውሃው ገጽ መስተዋት ሆኖ የባሕሩን ውስጥ ያሳየዋል። ይህ ልክ የወሰን ማዕዘን ይባላል፤ ከዚያ ያለፈ ብርሃን ምንም ሳይወጣ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል።

የመስተዋቱ ክር ለብቻው በአየር ውስጥ ቢዘረጋ የወሰን ማዕዘኑ 43 ዲግሪ ገደማ በሆነ ነበር። ነገር ግን አቧራ ወይም እርጥበት በነካው ስፍራ ሁሉ ብርሃኑ ይፈስ ነበር። ስለዚህ እምብርቱ ብርሃን በጥቂቱ ፈጠን ብሎ በሚያልፍበት ሌላ የመስተዋት ልባስ ይሸፈናል። የሁለቱ ልዩነት ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በዚህም ምክንያት የወሰን ማዕዘኑ 85 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። ይኸውም ብርሃኑ ከክሩ አቅጣጫ 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ማዘንበል ይፈቀድለታል ማለት ነው። ለረዥም መሥመር በሚያገለግለው እጅግ ቀጭን እምብርት ውስጥ ብርሃን እንደ ማዕበል ስለሚሄድ ይህ አገላለጽ ግምታዊ ነው፤ ስለ መታጠፍ የሚሰጠው ፍርድ ግን አይለወጥም።

እንግዲህ ወደ አንድ ሱቅ የገባ ክር በበሩ መቃን ላይ በኃይል ታጥፎ በምስማር ተጣብቋል እንበል። ክሩ አልተሰበረም፤ ሆኖም በእጥፋቱ ላይ ብርሃኑ ከተፈቀደለት ማዘንበል አልፎ ወደ ልባሱ ይወጣል፤ መልእክቱም ይደክማል።

ባለሙያው ጕድለቱን ለማግኘት አጭር የብርሃን ምት ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣውንም ደካማ ብርሃን ይለካል። ለውጡ ከሰኮንድ ሚሊዮን እጅ በ20ው ከታየ፣ ብርሃኑ ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዟልና ጕድለቱ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። ምክንያቱን ለመለየትም በ1,310 እና በ1,550 ናኖ ሜትር ሞገድ ደጋግሞ ይለካል። ኪሣራው በረዥሙ ሞገድ እጅግ የበዛ እንደ ሆነ ክሩ ታጥፏል፤ በሁለቱም ተቀራራቢ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ በመጋጠሚያው ላይ መሆኑ ይገመታል። የታጠፈውን ማቃናት ብርሃኑን ይመልሰዋል፤ ለተራው ክር የእጥፋቱ ሬዲየስ ከ3 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ መጠንቀቅ ይገባል።