የአምራቾች ቁጥር መጨመርና የገበያ ዋጋ

እያንዳንዱ አምራች የሚያቀርበውን መጠን ራሱ በሚወስንበት ገበያ የአምራቾች ቁጥር ዋጋን እንደሚለውጥ፣ ፈረንሳዊው ምሁር ኩርኖ በ1838 እ.ኤ.አ. በማዕድን ውሃ ምሳሌ አስረድቷል።

አንድ ካርቶን ውሃ ለማምረት 10 ብር ይወጣል፤ ገበያ ላይ አንድ ካርቶን በተጨመረ ቁጥር ዋጋው ከ130 ብር ጀምሮ በ1 ብር ይቀንሳል እንበል። ብቸኛ አምራች 60 ካርቶን በ70 ብር ሸጦ 3,600 ብር ያተርፋል። ሁለት ሲሆኑ በድምሩ 80 ካርቶን በ50 ብር ይሸጣሉ፤ የጋራ ትርፋቸውም 3,200 ብር ይሆናል። አምስት ሲሆኑ 100 ካርቶን በ30 ብር ይሸጣል፤ ትርፉም 2,000 ብር ነው። ቁጥራቸው እየበዛ ሲሄድ ዋጋው ወደ 10 ብር፣ ትርፉም ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ምክንያቱም አቅርቦት ሲጨመር የዋጋው መውረድ ከሚያስከትለው ጉዳት በአምራቹ ላይ የሚያርፈው የገበያ ድርሻውን ያህል ብቻ ነው።

አምራቾች በምስጢር ከተስማሙ ግን ቁጥራቸው ቢበዛም ዋጋው 70 ብር ላይ ሊቆይ ይችላል። በተወዳዳሪዎች መካከል ዋጋን በስምምነት መወሰን በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው።