ብር ሲበዛ ዳቦ ይበዛል?

አንድ የፈተና ጥያቄ እንይ። ማዕከላዊ ባንክ የገንዘቡን መጠን አንድ ጊዜ በእጥፍ ቢያሳድግ በረጅም ጊዜ ምን ይሆናል?

ሀ) ምርት በእጥፍ ያድጋል
ለ) ዋጋ በእጥፍ ይጨምራል፤ ምርት አይለወጥም
ሐ) ሥራ አጥነት ለዘለቄታው ይቀንሳል

መልሱ «ለ» ነው። መጀመሪያ ላይ ደመወዝና ኪራይ በውል ስለታሰሩ ዋጋ ቶሎ አይነሳም፤ ገበያው ይደራል፣ ምርትም ይጨምራል። ውሉ ሲታደስ ግን የ50 ብሩ ዳቦ 100፣ የ5,000 ብሩ ደመወዝ 10,000 ይሆናል። ደመወዙ የሚገዛው ያንኑ 100 ዳቦ ነው። ይህ የገንዘብ ገለልተኝነት ይባላል።

የገንዘቡ ዓመታዊ ዕድገት ከ5 በመቶ ወደ 10 ለዘለቄታው ከፍ ቢልስ? ያኔም በረጅም ጊዜ ምርት ካልተነካ «ልዕለ ገለልተኝነት» ነው። ይህኛው ግን ይበልጥ ያከራክራል፤ የዋጋ ንረቱ በእጅ ያለውን ጥሬ ብር ስለሚሸረሽር ሰው ቁጠባውን ወደ ቤትና ወደ ማሽን ሊያዞር ይችላል።