የሕመም ፈቃድ ሲጠየቅ ለአሠሪ ምን ያህል ይነገር?



በአገራችን የታመመን መጠየቅ ከመልካም ሥነ ምግባር አንዱ ነው። አንድ ሠራተኛ ጥቂት ቀናት ከሥራ ሲቀር ባልደረቦቹ ተሰባስበው ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ፤ ሲመለስም አለቃው «ምን አግኝቶህ ነው?» ይለዋል። ጥያቄው ከአሳቢነት የሚመነጭ በመሆኑ አለመመለስ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው፣ ይህ የወዳጅነት ጥያቄ ከሕግ ጥያቄ የተለየ መሆኑን ነው። አሠሪው በሕግ ማወቅ የሚገባው የሕመሙን ውጤት እንጂ የሕመሙን ስም አይደለም። ሆኖም ስሙን መደበቅ ሠራተኛውን ራሱን የሚጎዳበት ሁኔታም አለ።

ከሕጉ ልጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን በአንቀጽ 85 እና 86 ይደነግጋል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ እዚህ የምናገረው በዚህ አዋጅ ስለሚሸፈኑት ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጪ በሆነ ሕመም መሥራት ካልቻለ፣ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሠራተኛው ሁለት ግዴታዎች አሉበት፤ አሠሪው ሕመሙን ካላወቀ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር በቀረ ማግስት ማሳወቅ፣ እንዲሁም የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ። በነዚህ ድንጋጌዎች ውስጥ ማስረጃው የበሽታውን ስም መያዝ አለበት የሚል ቃል የለም።

ችግሩ ከሕጉ ይልቅ ከወረቀቱ የሚመጣ ነው። በብዙ የጤና ተቋማት የሚሰጠው የሐኪም ማስረጃ የበሽታው ስም የሚጻፍበት መስመር አለው፤ ሐኪሙም ከልማድ ይሞላዋል። ወረቀቱ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ይገባል፤ ከዚያም ወደ ግል ማኅደር። ማኅደሩን የሚያገላብጡት ደግሞ ለደረጃ ዕድገትና ለዝውውር የሚወስኑ ሰዎች ናቸው። በቃል የተነገረ ነገር ሊረሳ ይችላል፤ በማኅደር የገባ ግን ሠራተኛው እስከሚለቅ ድረስ ይቆያል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ድርጅት በገንዘብ ከፋይነት የምትሠራ ሴት ሐኪም ዘንድ ቀርባ ድባቴ እንዳለባት ተነገራት እንበል። ሐኪሙ የአንድ ወር ዕረፍት አዘዘላት። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ቀን ክትትል ያስፈልጋታል። ወሳኙ ጊዜ ሐኪሙ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ያለው ነው፤ ወረቀቱ ከታተመና ከተፈረመ በኋላ ማስለወጥ አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ «ይህ ማስረጃ ለአሠሪዬ የሚሰጥ ነው፤ የበሽታው ስም ሳይጠቀስ መሥራት አለመቻሌና ጊዜው ብቻ ይጻፍልኝ» ብላ መጠየቅ ይገባታል። ይህ ከሐኪሙም ግዴታ ጋር ይስማማል፤ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን መግለጽ በወንጀል ያስቀጣልና።

ለአሠሪዋ የምትጽፈው ደብዳቤ ከሦስት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፦ «በሕመም ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ወር መሥራት እንደማልችል ሐኪም አረጋግጧል። ማስረጃው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ከተመለስኩ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ቀን ለሕክምና ክትትል ፈቃድ ያስፈልገኛል።» አሠሪው ደመወዝ ለማስላት፣ ተተኪ ለመመደብና የሥራ ፕሮግራም ለማውጣት የሚያስፈልገውን ሁሉ ከዚህ ያገኛል። «ድባቴ» የሚለው ቃል ቢጨመር ከነዚህ ውሳኔዎች አንዱንም አይለውጥም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። አሠሪው ማስረጃውን ከተጠራጠረና ድርጅቱ የራሱ ክሊኒክ ካለው፣ ዝርዝሩ ለክሊኒኩ ሐኪም በታሸገ ፖስታ ቢቀርብ ከማኅደር መግባቱ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም። ድባቴን ላለመናገር ብላ «የጨጓራ ሕመም ነው» ብላ ብትጽፍ ወይም ሐኪሙን እንዲህ ጻፍልኝ ብትለው፣ የነበራትን መብት ወደ ማታለል ትለውጠዋለች። እውነቱ ሲወጣ ሕመሟ እውነተኛ መሆኑ እንኳ ይጠረጠራል። ለሚጠይቋት ባልደረቦችም «ሕክምና ላይ ነኝ፤ እየተሻለኝ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት በቂ ነው፤ ጨዋነትም እውነትም ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሻገር፤ ስሙን ወይም ከፊሉን መናገር የሚያስፈልግባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ።

የመጀመሪያው የሌሎች ደኅንነት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሾፌር የሕመሙን ስም ባይናገርም፣ መኪና መንዳት እንደሌለበት ካልተናገረ መንገደኞችን ለሞት ያጋልጣል። እዚህም የሚነገረው በመጀመሪያ ገደቡ ነው፦ «በሐኪም ትእዛዝ ማሽከርከርና ከፍታ ላይ መሥራት አልችልም።» በሽታው ተላላፊ ከሆነና አብረውት የሚሠሩ ሰዎች መመርመር ካለባቸው ግን ገደቡን መናገር ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው ሁኔታ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ ሕመሙ ከሥራው የመጣ ሲሆን። በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ለዓመታት ብናኝ ሲተነፍስ የኖረና ደረቱ የታመመ፣ በወር 4,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ እናስብ። አራት ወር መሥራት አልቻለም። «ሕመም» ብቻ ብሎ ካመለከተ የሚያገኘው ለመጀመሪያው ወር 4,000፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው 2,000፣ 2,000፣ ለአራተኛው ምንም፤ በድምሩ 8,000 ብር ነው። ሕመሙ የሥራ ጠንቅ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን በአንቀጽ 108 መሠረት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። ለአራቱ ወራት ቢያንስ 15,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። የሕክምና ወጪውንም አሠሪው ይሸፍናል። ይህ ሰው የበሽታውን ስምና ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት ሐኪሙ በግልጽ እንዲጽፍለት መጠየቅ አለበት፤ ምስጢሩን ሲጠብቅ 7,000 ብርና የሕክምና ወጪውን ያጣል።

ብዙ ሠራተኛ የሕመሙን ስም የሚደብቀው ከሥራ እንዳይሰናበት ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ሕጉ ግን በአንቀጽ 28 በጤና ምክንያት በማስጠንቀቂያ ማሰናበትን የሚፈቅደው፣ ሠራተኛው ሥራውን ለዘለቄታው መሥራት የማይችል ሲሆን ነው። ስለዚህ በማስረጃው ላይ ከበሽታው ስም ይልቅ የሚመለስበት ቀን መጻፉ ይጠቅመዋል፤ ጊዜያዊ መሆኑን የሚያሳየው እርሱ ነውና።

እንግዲህ ማስረጃውን ከማስገባታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቃል እያመለከታችሁ «አሠሪው ይህን ሳያውቅ የትኛውን ውሳኔ መስጠት ያቅተዋል? እኔስ ይህን ባልናገር የትኛውን መብት አጣለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሁለቱም መልሱ «ምንም» የሆነ ቃል በሐኪሙና በእናንተ መካከል ይቅር።