ሦስቱ የጠፉ ነጥቦች

ሰሞኑን ከመግሪብ በኋላ በምናደርገው የጥናት ፕሮግራም ላይ አንድ የካልኩለስ ጥያቄ ሠርተን ነበር። አብዛኞቻችን አንድ ክሪቲካል ፖይንት አግኝተን እስክሪብቶ አስቀመጥን። ትክክለኛው መልስ ግን አራት ነበር። እኔ ራሴ አምና በፈተና ላይ እዚሁ ቦታ ነጥብ ስለጣልኩ ስህተቱን በደንብ አውቀዋለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ሲደመሩ 3 ሜትር የሚሆን ሣጥን እንሥራ፤ ይዘቱ ትልቅ የሚሆነው መቼ ነው? ርዝመቱን x፣ ስፋቱን y ካልን ለቁመቱ የሚቀረው 3 − x − y ነው። ስለዚህ ይዘቱ፦

f(x, y) = xy(3 − x − y) = 3xy − x²y − xy²

ክሪቲካል ፖይንት ማለት እዚህ ላይ በ x አቅጣጫም በ y አቅጣጫም ብንራመድ ዳገትም ቁልቁለትም የሌለበት ቦታ ነው። በ x አቅጣጫ ያለውን ለማወቅ y ን እንደ ተራ ቁጥር ቆጥረን እናስቀምጠውና በ x ብቻ ዴሪቬቲቭ እንወስዳለን፤ ከዚያ ተራውን እንቀይራለን። ሁለቱንም ከዜሮ ጋር እናስተካክላለን፦

3y − 2xy − y² = 0
3x − x² − 2xy = 0

እስከዚህ ማንም አይሳሳትም። ችግሩ የሚጀምረው ቀጥሎ ነው። የመጀመሪያው ኢኩዌዥን ሁሉም ቦታ ላይ y አለ፤ እጃችን ቶሎ ብሎ ለ y ያካፍላል። ሁለተኛውን ደግሞ ለ x። የሚቀረው 3 − 2x − y = 0 እና 3 − x − 2y = 0 ነው፤ ከዚህ (1, 1) ይወጣል፤ ጨረስን እንላለን። ግን ለ y ስናካፍል ሳናስበው «y ዜሮ አይደለም»፣ ለ x ስናካፍል ደግሞ «x ዜሮ አይደለም» ብለናል። ሦስቱ ነጥቦች የጠፉት በዚያች አንዲት መስመር ነው። ከማካፈል ይልቅ ፋክተር እናድርገው፦

y(3 − 2x − y) = 0
x(3 − x − 2y) = 0

ከመጀመሪያው ሁለት መንገድ ይወጣል፦ ወይ y = 0፣ ወይ y = 3 − 2x። እያንዳንዱን ወደ ሁለተኛው ኢኩዌዥን ይዘን እንሄዳለን። y = 0 ሲሆን ሁለተኛው x(3 − x) = 0 ይሆናል፤ (0, 0) እና (3, 0) ተገኙ። y = 3 − 2x ሲሆን ደግሞ x(3x − 3) = 0 ይሆናል፤ (0, 3) እና (1, 1) ተገኙ።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንዶቻችን ከአንዱ መንገድ y = 0 ን፣ ከሌላው x = 1 ን ወስደን (1, 0) ብለን ጻፍን። ይህን ለመያዝ ነጥቡን በሁለቱም ውስጥ መተካት ይበቃል፤ የመጀመሪያው ዜሮ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ግን 2 ይሰጣል። ስለዚህ ክሪቲካል ፖይንት አይደለም።

አሁን ዓይነታቸውን እንለይ። በ x ሁለት ጊዜ ስንወስድ −2y፣ በ y ሁለት ጊዜ −2x፣ አንዴ በ x አንዴ በ y ደግሞ 3 − 2x − 2y ይወጣል። ስለዚህ፦

D = 4xy − (3 − 2x − 2y)²

(1, 1) ላይ D = 3 ነው፤ −2y ደግሞ ኔጌቲቭ ስለሆነ ነጥቡ ጫፍ፣ ማለትም ማክሲመም ነው። በሦስቱ ላይ D = −9 ስለሚሆን ሳድል ፖይንት ናቸው፤ እንደ ኮርቻ በአንድ በኩል ሽቅብ፣ በሌላው ቁልቁል።

እኔ ከፎርሙላው ይልቅ የምወደው ሥዕሉን ነው። f ዜሮ የሚሆነው በሦስት መስመሮች ላይ ነው፦ x = 0፣ y = 0፣ x + y = 3። ሥሏቸው፤ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ውስጡ ሁሉ ፖዘቲቭ፣ ጠርዙ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ውስጡ የሆነ ቦታ ጫፍ መኖር አለበት። ሁለት መስመሮች በሚቋረጡበት ማዕዘን ዙሪያ ደግሞ ምልክቱ ይፈራረቃል። ለምሳሌ (0.1, 0.1) ላይ 0.028፣ (0.1, −0.1) ላይ −0.03 ነው። ሦስቱ ሳድሎች ሦስቱ ማዕዘኖች ናቸው ማለት ነው። አንድ ነጥብ ብቻ ያገኘ ሰው ይህን ሥዕል ቢያይ መልሱ እንደጎደለ ወዲያው ያውቃል።

የሣጥኑ መልስ እንግዲህ ሁሉም ጎን 1 ሜትር፣ ይዘቱ 1 ሜትር ኩብ ነው። ፈተናው ግን ሣጥኑን ትቶ «በጠቅላላው ሜዳ ላይ ትልቁ ዋጋ ስንት ነው?» ካለ 1 ብላችሁ እንዳትጽፉ። (−10, −10) ን ተኩ፤ 100 × 23 = 2300 ይወጣል። (1, 1) ጫፍ የሆነው በአካባቢው ብቻ ነው፤ ሣጥኑን የሚያድነው ኔጌቲቭ ርዝመት የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው።

ለመለማመድ f(x, y) = xy(6 − x − 2y) ን ውሰዱ። ዴሪቬቲቭ ከመውሰዳችሁ በፊት ሦስቱን ሳድሎች ከሥዕሉ አንብቡ፤ ከዚያ ጫፉ (2, 1) ላይ መውጣቱን አረጋግጡ።